ክሬዲት ኖቱ ተቆርጧል፣ ስቶኩ ግን አልተነካም፤ የተመለሰው ዕቃ በስንት ብር ይግባ?

ትርሲት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው የኤሌክትሪክ ምጣድ በጅምላ በሚያከፋፍል ድርጅት ነው። መጋዘናችን መርካቶ ነው፣ ሂሳቡን በፒችትሪ ነው የምንይዘው። መዝገቡን የተረከብኩት በቅርቡ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሰኔ 20 ለአንድ የሐዋሳ ባለሱቅ 40 ምጣድ በዱቤ ተሸጠ። የአንዱ ዋጋ ከቫት በፊት 4,500 ብር ነው። ሐምሌ 8 ደንበኛው 10ሩን መለሰ። 7ቱ ካርቶናቸው እንኳ አልተከፈተም። 3ቱ ግን ሸክላቸው ተሰንጥቋል። ክሬዲት ኖት ተቆርጦለታል። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ የመዘገበው ግን የሽያጩን ወገን ብቻ ነው። ሽያጩ ቀንሷል፣ ቫቱ ቀንሷል፣ የደንበኛው ዕዳም ቀንሷል። ስቶክ ላይ ምንም የለም።

አሁን ላስተካክለው ነው። ችግሬ ዋጋው ላይ ነው። ሰኔ ላይ ሲሸጥ የአንዱ ወጪ 3,000 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጭነት ገብቶ አማካዩ 3,400 ሆኗል። የተመለሰውን በስንት ላስገባው? የተሰነጠቁትንስ ምን ላድርጋቸው?

አዲስ ምሩቅ፦
እህቴ፣ አትጨነቂ። አማካይ ዋጋ የምትጠቀሙ ከሆነ ዛሬ ባለው አማካይ ነው የሚገባው። ዕቃው ወደ መዝገቡ የሚገባው ዛሬ ነው፣ ዛሬ ያለው አማካይ ደግሞ 3,400 ነው። ስለዚህ ስቶክ ዴቢት 34,000፣ የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ ክሬዲት 34,000። የተሰነጠቁትን ስቶክ ውስጥ አታስገቢያቸው፣ በቀጥታ ኪሳራ አድርጊያቸው። ከሁሉም በፊት ግን ስቶኩን መንካት እንዳለብሽ ማወቅሽ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ቦታ ሽያጩን ብቻ ቀንሰው ይተዉታል።

የድሮ ኦዲተር፦
አዲስ ምሩቅ፣ ስቶኩ መነካት አለበት ያልከው ልክ ነው። ዋጋው ላይ ግን አልስማማም።

ትርሲት፣ ሰኔ 20 ላይ የሆነውን አስቢው። 40 ምጣድ ሲወጣ ከስቶክ ወጥቶ ወጪ የተባለው 40 ጊዜ 3,000፣ ማለትም 120,000 ብር ነው። አሁን የምትሠሪው አዲስ ግዢ አይደለም። የዚያን ሽያጭ አንድ ክፍል እየሰረዝሽ ነው። የሽያጩን ወገን የሰረዛችሁት በተሸጠበት ዋጋ፣ በ4,500 ነው። ደንበኛው ዕቃውን በመለሰበት ቀን የገበያው ዋጋ ስንት ነበር ብሎ የጠየቀ የለም። የወጪው ወገንም እንደዚያው በወጣበት ዋጋ ይሰረዛል።

በ3,400 ብታስገቢው የሚሆነውን ልንገርሽ። ከሐዋሳው ሽያጭ ተሽጦ የቀረው 30 ምጣድ ነው። ሽያጩ 135,000 ነው። እውነተኛው ወጪ 30 ጊዜ 3,000፣ ማለትም 90,000 ነው። ትርፉ 45,000 ይሆናል። በ3,400 ከሰረዝሽ ግን ወጪው ከ120,000 ላይ 34,000 ተቀንሶ 86,000 ይሆናል። ትርፉም 49,000 ይላል። ያ 4,000 ብር ከየት መጣ? ማንም አልሸጠውም፣ ማንም አልከፈለውም። ዕቃ ስለተመለሰ ብቻ የተፈጠረ ትርፍ ነው። ስቶኩም በዚያው ልክ ተጋንኖ ይቀመጣል፤ የሚታረመው እነዚያ ምጣዶች እንደገና ሲሸጡ ነው፣ ምናልባትም በሌላ የበጀት ዓመት።

ይህ ጉዳይ ድሮ ብዙም አይታይም ነበር። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተተወ በኋላ ግን የአንዱ ጭነት ዋጋ ከሌላው በጣም ይለያያል። አሁን ልዩነቱ በደንብ ይታያል።

አዲስ ምሩቅ፦
ጋሼ፣ ገባኝ። ግን በ3,000 ሲገባ አማካዩን አያዛባም?

የድሮ ኦዲተር፦
አማካዩን ይለውጠዋል፣ ግን ማዛባት አይባልም። ትርሲት፣ ተመላሹ ሲመጣ መጋዘን ውስጥ ስንት ነበር?

ትርሲት፦
60 ምጣድ፣ በ3,400። በጠቅላላው 204,000 ብር።

የድሮ ኦዲተር፦
ጥሩ። 7ቱ ደህናዎች በ3,000 ሲገቡ 21,000 ይጨምራሉ። 67 ምጣድ በ225,000 ማለት ነው። አዲሱ አማካይ 3,358 ብር ገደማ ይሆናል። ከዚህ በኋላ የሚሸጠው ሁሉ በዚህ ይወጣል። ድርጅቱ ለእነዚያ 67 ምጣዶች በእርግጥ ያወጣው ገንዘብ ይህ ነው።

ሦስቱን የተሰነጠቁ ግን ከደህናዎቹ ጋር አትደባልቂያቸው። ሌላ የዕቃ ኮድ ክፈቺላቸው። ከተደባለቁ አማካዩ የእነሱን ጉዳት ይሸፍነዋል፣ ግምጃ ቤቱም ለሚቀጥለው ደንበኛ አንዱን የተሰነጠቀ ያወጣለታል።

እናት ሱቅ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔም እንዲሁ ገጥሞኛል። አንድ ደንበኛ የገዛው ድስት ላይ ቀለሙ አልተስተካከለም ብሎ አኮረፈ። ዕቃው እሱ ጋር ይቅር ብዬ በያንዳንዱ ላይ 200 ብር ቀነስኩለትና ክሬዲት ኖት ሰጠሁት። ሂሳብ የሚሠራልኝ ልጅ ስቶክ አልነካም። እሱም ተሳስቷል ማለት ነው? የጠፋ ዕቃ አለብኝ?

የድሮ ኦዲተር፦
የለም እመቤቴ፣ ልጁ ልክ ነው። የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ነው። ዕቃው ተመልሶ አልመጣም፣ ዋጋው ብቻ ነው የቀነሰው። ስለዚህ ሽያጩና ቫቱ ይቀንሳሉ። ስቶኩና የተሸጠው ዕቃ ወጪ ባሉበት ይቆያሉ። ክሬዲት ኖት ሁሉ ስቶክ ይመልሳል ማለት አይደለም። የሚመልሰው ዕቃው በእርግጥ መጋዘን የገባበት ብቻ ነው።

እናት ሱቅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ተገላገልኩ።

ቢን ካርድ፦
እኔ ግምጃ ቤት ነኝ። ከእኛ ወገን አንድ ነገር ልበል። ክሬዲት ኖት የሚቆርጠው ቢሮ ነው፣ ዕቃውን የሚረከበው ግን እኛ ነን። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ አይነጋገሩም። ዕቃው አመሻሽ ላይ በአይሱዙ ይመጣል፣ ሹፌሩ ይቸኩላል፣ ጥግ ላይ ይወርዳል። ቢን ካርድ ላይ ሳይጻፍ ሳምንት ይቆያል።

እኛ ጋ የተመለሰ ዕቃ በራሱ የተመላሽ መረከቢያ ነው የሚገባው። የዋናው ሽያጭ ደረሰኝ ቁጥር ይጻፍበታል። ካርቶኑ እዚያው ሹፌሩ ፊት ይከፈታል፣ ደህናውና የተበላሸው ተለይቶ ይቆጠራል፣ ሹፌሩ ይፈርማል። ቢሮው ክሬዲት ኖት የሚቆርጠው ይህ መረከቢያ ሲደርሰው ነው። ትርሲት፣ የእናንተ ሦስቱ መቼ እንደተሰነጠቁ የሚያሳይ ወረቀት አለ?

ትርሲት፦
የለም። ደንበኛው «ከመጀመሪያው ተሰንጥቆ ነው የደረሰኝ» ይላል። ሹፌሩ ደግሞ ሲጭን ደህና እንደነበረና ሲመለስ መንገድ ላይ እንደሆነ ይናገራል። ወረቀቱ «10 ምጣድ ተመልሷል» ብቻ ነው የሚለው።

ቢን ካርድ፦
አይ! ይሄ ነገር በኋላ ያስቸግርሻል።

ሳሚ ፒችትሪ፦
ሲስተሙ ላይ የሆነውን እኔ ልንገርሽ። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው `Credit Memos` ከፍቶ የዕቃውን ኮድ ሳያስገባ የብሩን መጠን ብቻ ነው የጻፈው። እንደዚያ ሲደረግ ሽያጩ ይቀንሳል፣ ስቶኩ ግን አይንቀሳቀስም። ሲስተሙ ምጣድ እንደተመለሰ በምን ያውቃል? ኮዱና ብዛቱ ከገባ ግን የወጪውን ምዝገባ ራሱ ነው የሚሠራው፣ አንቺ በጆርናል አትጨምሪበትም። ከጨመርሽ ሁለት ጊዜ ይሆናል።

ስለዚህ በጆርናል ከማረም ያንን ክሬዲት ሜሞ ሰርዘሽ በትክክል እንደገና አስገቢው። ክሬዲቱን ከዋናው ኢንቮይስ ጋር አያይዢው፣ እንዲሁ ተንሳፍፎ እንዳይቀር። ከዚያ ሲስተሙን ዝም ብለሽ አትመኚው። `Item Costing Report` ከፍተሽ ተመላሹ በስንት እንደገባ በዓይንሽ እይው። 3,000 ካላለ ልዩነቱን አስተካክዪ።

የድሮ ኦዲተር፦
ሳሚ፣ ሰርዘሽ አስገቢ ያልከው ላይ ልጨምር። የሐምሌ የቫት ማስታወቂያ ገብቶ ከሆነ ክሬዲት ሜሞውን መሰረዝ የለባትም። ቁጥሩና ቀኑ ከታተመው ወረቀት ጋር መለያየት የለበትም። ያኔ የጎደለውን የወጪ ወገን ብቻ በማስተካከያ ታስገባለች።

ትርሲት፦
ማስታወቂያው ገብቷል። ስለዚህ አልሰርዘውም።

ሳሚ ፒችትሪ፦
ልክ ነው፣ እሱን አላሰብኩትም። እንደዚያ ከሆነ በስቶክ ማስተካከያው በኩል በዋናው ኮድ ብዛት 7፣ በተሰነጠቁት ኮድ ብዛት 3፣ የአንዱ ወጪ 3,000 ብለሽ አስገቢ። ተቃራኒው ሂሳብ የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ ይሁን። ሲስተሙ ራሱ የሚያመጣልሽን ሂሳብ ሳታዪ አትለፊው።

ነጋ፦
ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? ዓመታዊ ቆጠራ ሲደረግ 10 ትርፍ ይገኛል፣ የቆጠራ ትርፍ ተብሎ ይመዘገባል፣ አለቀ። መጨረሻ ላይ ትርፉ ያው ነው።

የድሮ ኦዲተር፦
ነጋ፣ በ3,000 ከተመዘገበ የዓመቱ ጠቅላላ ትርፍ ላይ ያልከው ልክ ነው። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ቆጠራ ላይ የተገኘ ትርፍ የሚመዘገበው በዕለቱ አማካይ ነው፣ ከየትኛው ሽያጭ እንደመጣ የሚያውቅ የለምና። ያው 4,000 ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛ፣ እስከ ቆጠራው ድረስ መዝገቡ ስለ ምጣዱ የተሳሳተ ነገር ይናገራል።

ትርሲት፣ የዚህን ሽያጭ ጥቅል ትርፍ ለብቻው አውጪው። አሁን መዝገቡ ላይ ሽያጭ 135,000፣ ወጪ 120,000 ነው። ትርፉ 15,000፣ ማለትም 11 በመቶ ገደማ። የእናንተ ምጣድ ግን በ3,000 ተገዝቶ በ4,500 ነው የሚሸጠው፣ 33 በመቶ ያስገኛል። እንዲህ ያለ ድንገተኛ መውደቅ ስታዪ መጀመሪያ የምትፈልጊው የወጪው ወገን ያልተሰረዘ ክሬዲት ኖት ነው። እኔ ኦዲት ስሠራ ክሬዲት ኖቶቹን በቁጥር ቅደም ተከተል ይዤ እያንዳንዱን ከመጋዘን መረከቢያ ጋር አያይዛለሁ። መረከቢያ የሌለው ወይ የዋጋ ቅናሽ ነው፣ ወይ ያልተመዘገበ ዕቃ ነው፣ ወይ ደግሞ ዕቃ ሳይመለስ የተቆረጠ ነው። የመጨረሻው ሌብነት ነው። ደንበኛው የከፈለውን ብር ሰው ይወስድና ዕዳውን በክሬዲት ኖት ይሰርዘዋል። ለዚህ ነው «ቆጠራ ያስተካክለዋል» የሚለውን የማልቀበለው።

ነጋ፦
ይህንን አላሰብኩትም። እሺ።

ትርሲት፦
አሁን ሦስቱ ስንጥቆች። አዲስ ምሩቅ ኪሳራ አድርጊያቸው ብሏል። ግን የሚጣሉ አይደሉም። ሽቦው ይሠራል፣ ክዳኑም ደህና ነው። ሸክላው ብቻ ቢቀየር ይሸጣሉ። ሸክላው ከነመግጠሚያው 600 ብር ይፈጃል። ከተጠገኑ በኋላ 2,800 የሚሰጥ ገዢ አለን።

የድሮ ኦዲተር፦
መልሱን ራስሽ ይዘሽዋል። ከ2,800 ላይ 600 ስትቀንሺ ለእናንተ የሚቀረው 2,200 ነው። ስቶክ ላይ ከዚያ በላይ ሊቀመጡ አይችሉም። ግን መጀመሪያ እነሱም በ3,000 ይግቡ፤ ሽያጩ የተሰረዘው ለ10ሩም ነውና። ከዚያ በያንዳንዱ 800፣ በድምሩ 2,400 ብር ዝቅ ይደረጋል። ሁለቱን በአንድ ምዝገባ አትጠቅልያቸው። ተለይተው ሲታዩ ባለቤቱ ተመላሹ ስንት እንዳስከፈለው ያያል።

እንዲህ ይሆናል፦

```
ሀ) ተመዝግቧል (ክሬዲት ኖቱ)
   ዴቢት  ተመላሽ ሽያጭ              45,000
   ዴቢት  ቫት                       6,750
   ክሬዲት ተሰብሳቢ (የሐዋሳ ደንበኛ)     51,750

ለ) የጎደለው
   ዴቢት  ስቶክ (7 ደህና)            21,000
   ዴቢት  ስቶክ (3 የተሰነጠቀ)         9,000
   ክሬዲት የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ         30,000

ሐ) የተሰነጠቁትን ዝቅ ማድረጊያ
   ዴቢት  የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ          2,400
   ክሬዲት ስቶክ (3 የተሰነጠቀ)         2,400
```

ሲያልቅ የተሰነጠቁት በ6,600 ይቀመጣሉ። የሐዋሳው ሽያጭ ያስገኘው ትርፍ 45,000 ነው፣ ከ2,400ው በኋላ 42,600።

አዲስ ምሩቅ፦
ጥገናው ሲከፈል 600ው የት ይሄዳል?

የድሮ ኦዲተር፦
ስቶኩ ላይ ይጨመራል። 2,200 ሲደመር 600፣ 2,800 ይሆናል፣ በ2,800 ይሸጣል። ትርፍም ኪሳራም የለውም። ኪሳራው ሐምሌ ላይ ታውቋል።

የሐዋሳዋ፦
እኔ ከገዢው ወገን ነኝ። ሌላ ድርጅት ነው፣ ግን እንዲሁ ስለምንመልስ ልናገር። እኛም ክሬዲት ኖቱ ሲደርሰን ቀድሞ የወሰድነውን የግዢ ቫት በዚያው ልክ መቀነስ አለብን። እናንተ 6,750 ቀንሳችሁ እኛ ካልቀነስን መዝገቦቻችን አይገናኙም። ስለዚህ እባካችሁ ወረቀቱን ቶሎ ላኩልን። የዋናው ደረሰኝ ቁጥርና ቀን፣ የሁለታችንም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የተመለሰበት ምክንያት፣ የቫቱ ልክ ይኑርበት። በስልክ «ቀንሰንላችኋል» ተብሎ ወረቀቱ ከሁለት ወር በኋላ ሲመጣ እንቸገራለን።

የድሮ ኦዲተር፦
በጣም ትክክል። ትርሲት፣ የእናንተ ቫት በሐምሌ ማስታወቂያ ነው የሚስተካከለው፣ ክሬዲት ኖቱ የተቆረጠው ሐምሌ ላይ ስለሆነ። ሰኔን ከፍታችሁ አትቀንሱ። አሁን የሚሠራው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ነው፣ ግብሩም 15 በመቶ እንደሆነ ነው። ዋናው የሽያጭ ደረሰኝና የመጋዘን መረከቢያው ከክሬዲት ኖቱ ጋር በአንድ ፋይል ይታሰሩ።

ከፋይ፦
እኛ ጋ ገዢው በሽያጩ ጊዜ ዊዝሆልዲንግ ቆርጦ ደረሰኙን ሰጥቶናል፣ የቆረጠው ከሙሉው ዋጋ ላይ ነው። ሩቡ ሲመለስ ያንን ምን እናድርገው? ለገዢው እንመልስለት?

የድሮ ኦዲተር፦
ገዢው ለግብር ቢሮ ገቢ አድርጎት ከሆነ በእናንተ ስም የተከፈለ ግብር ነው። ደረሰኙ በእጃችሁ ይቆያል፣ በዓመቱ መጨረሻ ከትርፍ ግብራችሁ ላይ ይታሰብላችኋል። በክሬዲት ኖቱ አትንኩት። ከገዢው ጋር ስትተሳሰቡ ግን ያ ገንዘብ በእጃችሁ እንዳልገባ አትርሱ።

ከፋይ፦
ገዢው ግን «በተመለሰው ላይ የቆረጥኩትንም ጥሬ ብር ስጡኝ» ይላል።

የድሮ ኦዲተር፦
ምክንያት አለው። የቆረጠው ከሚከፍላችሁ ላይ ቀንሶ ነው፣ ለቢሮውም ገቢ አድርጓል። ለተመለሰው ዕቃ የከፈለው በሙሉ ይመለስለት ከተባለ ያም ይካተታል፣ እናንተ ደግሞ ደረሰኙን ለግብራችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ግን ይህ በውላችሁና በግብር ቢሮው አሠራር ላይ የተንጠለጠለ ነው። የራሳችሁን ቅርንጫፍ ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ትርሲት፦
የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ ከሁሉም የከበደኝም እሱ ነው። ሽያጩ ሰኔ 20 ነው፣ ተመላሹ ሐምሌ 8። የበጀት ዓመታችን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ሪፖርቱ ገና አልወጣም። ተመላሹ የየትኛው ዓመት ነው?

ነጋ፦
ዕቃው የተመለሰው ሐምሌ ላይ ነው፣ የሐምሌ ነው። ሰኔ 30 ላይ እኮ መጋዘን ውስጥ አልነበረም፣ ቆጠራ ወረቀቱ ላይም የለም።

የድሮ ኦዲተር፦
ቆጠራው ላይ የለም፣ ልክ ነህ። ቆጠራውንም ማንም አይነካውም። ግን ሰኔ 30 ላይ 180,000 ሽያጭ አለን ብሎ ሪፖርት የሚያወጣ ድርጅት፣ ሪፖርቱ ሳይወጣ 45,000ው እንደተመለሰ እያወቀ ዝም ማለት አይችልም። እኔ ብሆን ሰኔ 30 ላይ ሽያጩን በ45,000 ቀንሼ ለደንበኛው የሚመለስ ዕዳ አድርጌ እይዘዋለሁ። የወጪውንም 30,000 ቀንሼ፣ ከደንበኛ የሚመለስ ዕቃ ብዬ ከስቶክ ውጭ በራሱ መስመር አስቀምጠዋለሁ። ሐምሌ ላይ ክሬዲት ኖቱና ዕቃው ሲመዘገቡ ሁለቱም በዚያው ይዘጋሉ። ቫቱ በሐምሌው ይቆያል።

ሳሚ ፒችትሪ፦
ጋሼ፣ ለ10 ምጣድ ይህን ሁሉ? የድርጅቱ የዓመት ሽያጭ በሚሊዮን ከሆነ 15,000 የትርፍ ልዩነት ማን ያየዋል? እኔ ለሐምሌ እተወዋለሁ።

የድሮ ኦዲተር፦
የ10ሩ ብቻ ከሆነ ኦዲተራቸውም ሊያልፈው ይችላል። ግን ሐምሌ ላይ የተቆረጡት ክሬዲት ኖቶች በሙሉ ይደመሩና ይታዩ። ሰኔ ላይ ሽያጭ ለማሳደግ ዕቃ እየገፉ ሐምሌ ላይ የሚመልሱ ድርጅቶች አሉ። ያ የሚታየው አንድ በአንድ ሲያዩት አይደለም።

ትርሲት፦
የሐምሌን በሙሉ አወጣለሁ። 2,400ውስ የሰኔ ነው የሐምሌ?

የድሮ ኦዲተር፦
እሱ የቢን ካርድ ጥያቄ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሸክላዎቹ ሰኔ ላይ ወደ ሐዋሳ ሲሄዱ ከተሰነጠቁ ጉዳቱ ሰኔ 30 ላይ የነበረ ነው፣ የሚመለሰው ዕቃ 27,600 ተብሎ ይያዛል። ሐምሌ ላይ ሲመለሱ ከተሰነጠቁ የሐምሌ ወጪ ነው። ያኔ ደግሞ አጓጓዡን መጠየቅ ትችላላችሁ።

ቢን ካርድ፦
ካርቶኖቹ አሁንም አሉ? ሦስቱን እይያቸው። የፋብሪካው ቴፕ ተቆርጦ በሌላ ፕላስተር ተለጥፎ ከሆነ ደንበኛው ከፍቶ አይቶታል ማለት ነው፣ የሚለው ነገር ያስኬዳል። ቴፑ እንዳለ ከሆነ ግን ሐዋሳ ላይ ማንም አልከፈተውም፣ «ተሰንጥቆ ደረሰኝ» ማለቱን በምን አወቀ ብለሽ ጠይቂው።

ትርሲት፦
ካርቶኖቹ አሉ። ነገ ጠዋት ከግምጃ ቤቱ ጋር ሆኜ አያቸዋለሁ፣ ፎቶም አነሳለሁ። «ለ»ን ዛሬ አስገብቻለሁ፣ ሪፖርቱም 3,000 ይላል። «ሐ»ን ቀኑ እስኪለይ ይዤዋለሁ።